«ማይ ብራዘር ኤንድ አይ»፦ የተዘለለችው «በ»

ክርክሩ የተነሳው ለገጣፎ፣ አስፋልቱ ዳር ባለች አንዲት የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ነው። አንድ ንብ አናቢ ማር ሊገዛው ላሰበ የውጭ ነጋዴ ደብዳቤ እያስጻፈ ነበር። ጸሐፊዋ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብላ አነበበችለት፦ «ዘ ፕሮፊት ዊል ቢ ሼርድ ቢትዊን ማይ ብራዘር ኤንድ አይ።»

ወረፋ ይዘው የተቀመጡ ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር ቀና አሉ። «‹አይ› አይደለም ልጄ፣ ‹ሚ› ነው።»

«ኧረ ጋሼ! ‹ሚ ኤንድ ማይ ብራዘር› ስንል ‹ማይ ብራዘር ኤንድ አይ በሉ› እያላችሁ የቆጣችሁን እናንተው አይደላችሁ?»

መምህሩ ሳቁ፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚያው ላይ እንደሆነም አመኑ። ተማሪ «ሚ ኤንድ ማይ ብራዘር ዌንት» ሲል መምህሩ በአንድ ቁጣ ሁለት ነገር ያርማል። አንዱ ቅደም ተከተል ነው፤ እኛ «እኔና ወንድሜ» ብለን ከራሳችን እንጀምራለን፣ እንግሊዝኛ ግን ለጨዋነት ራስን ወደ ኋላ ያደርጋል። ሌላው ሙያ ነው፤ የሄደው ባለቤቱ ስለሆነ «አይ» ይባላል። ተማሪው ሁለቱን እንደ አንድ እርማት ይይዝና «ከ‹ኤንድ› በኋላ ምንጊዜም ‹አይ›» ብሎ ይሸመድዳል።

ኮፒ የሚያስነሳ ወጣት ጣልቃ ገባ። «ጋሼ፣ በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱትም እኮ ይሉታል። ሼክስፒር ራሱ፣ በ1600 በታተመው ‹የቬኒሱ ነጋዴ› ውስጥ አንቶኒዮ ለወዳጁ በላከው ደብዳቤ ላይ ‹ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ› ብሏል።»

«ብሏል፤ አልክድህም። ግን እስኪ ገልብጠው። ‹ቢትዊን አይ ኤንድ ማይ ብራዘር› ትላለህ?»

ወጣቱ በአፉ ሞከረውና ተወው። መምህሩ ቀጠሉ። «ሂ ፔይድ ማይ ብራዘር ኤንድ አይ» በሚለው ላይ ወንድምየውን ማውጣት ይበቃል፤ «ሂ ፔይድ አይ» ብሎ ነገር የለም። «ቢትዊን» ግን ሁለት ወገን ስለሚፈልግ አንዱን ማውጣት አይቻልም። እዚያ ሁለቱን ሰብስቦ በአንድ ቃል መተካት ነው፤ «ቢትዊን አስ» ይባላል እንጂ «ቢትዊን ዊ» አይባልም። «አስ» ከገባ ደግሞ ሲበተን «ሚ» ነው የሚወጣው።

«ይሄ ሁሉ እንግሊዝኛ ለለመደ ጆሮ ነው» አለ ንብ አናቢው። «እኔን በአማርኛ ንገሩኝ።»

«ይቻላል። በአማርኛ አስበውና ‹እኔ› የምትለዋን ተመልከት። ምንም ካልተለጠፈባት ‹አይ› በል። ‹እኔን›፣ ‹ለእኔ›፣ ‹ከእኔ›፣ ‹ስለ እኔ› ከሆነች ‹ሚ›።»

«ታዲያ እኔ ያልኩት ‹በወንድሜና እኔ መካከል› ነው። ‹እኔ› ባዶዋን ናት!»

ጸሐፊዋ ሳቀች። መምህሩ ግን ይህን ሲጠብቁ የነበሩ ይመስላሉ። «ሁለተኛዋን ‹በ› ዘለልካት። መልሳት፤ ‹በወንድሜና በእኔ መካከል›።»

«ካልሆነ ‹ማይሰልፍ› ብዬ ልገላገል?» አለች ጸሐፊዋ። መምህሩ ይህንንም አልፈቀዱላትም። «ማይሰልፍ» የሚመጣው አድራጊውም ተደራጊውም ያው «እኔ» ሲሆን ነው፤ እዚህ የሚካፈለው ትርፍ ነው።

እኔ በደብዳቤው ጉዳይ ከመምህሩ ጋር ነኝ። ወጣቱም አልተሳሳተም፤ አባባሉ የትናንት አይደለም፣ በተማሩ ተናጋሪዎች አፍም ይሰማል። ግን ለማያውቁት ገዢ በሚላክ ጽሑፍ ላይ «ሚ» ማንንም አያስቀይምም፣ «አይ» ግን አንዳንዱን ያስቀይማል። «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ የሚያልፈውም «ዩ» መልኳን ስለማትቀይር ይመስለኛል፤ «ሂ» እና «ሂም» እንደሚያደርጉት ጎረቤቷን አታጋልጥም።

የአማርኛው መፈተሻ ግን አንድ ቦታ ላይ ያሳስታል፣ መምህሩም ሳያነሱት አለፉ። «ወንድሜንና እኔን ራበን» እንላለን፤ «ን» አለች፣ እንግሊዝኛው ግን «ማይ ብራዘር ኤንድ አይ አር ሀንግሪ» ነው። ራበኝ፣ አመመኝ፣ በረደኝ በመሳሰሉት አማርኛ ሰውየውን ተደራጊ ያደርገዋል፣ እንግሊዝኛ ባለቤት። ስለዚህ መፈተሻውን የምጠቀምበት እንግሊዝኛው ላይ ቃሉ ከግሱ ወይም ከመስተዋድዱ በኋላ ሲመጣ ብቻ ነው።

ደብዳቤውን እኔ ብጽፈው ደግሞ «ቢትዊን»ን ከነጭራሹ አወጣት ነበር፦ «ማይ ብራዘር ኤንድ አይ ዊል ሼር ዘ ፕሮፊት።» እዚህ ላይ የጸሐፊዋ «አይ» ትክክል ናት።