የስልክ ፎቶ የማያሳየው ደም

«ፊልሙን በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ አይበቃም ወይ?»

ለጭንቅላት ሲቲ ስካን አይበቃም። እኔ ምስሉን አንብቦ ሪፖርት የሚጽፍ ሐኪም፣ ማለትም ራዲዮሎጂስት፣ በሌለበት የዞን ከተማ የምሠራ ራዲዮግራፈር ነኝ። አንድ ቀን ከባጃጅ የወደቀ ልጅ መጣልን። የፊልሙን ፎቶ አዲስ አበባ ላሉት ሐኪም ላክን። «ከራስ ቅሉ ሥር ያለው አይለይም፤ ዋናውን ፋይል ላኩልኝ» አሉን። ስስ ደም ከአጥንት ጋር ሲጠጋ ሁለቱም ነጭ ሆነው ይደባለቃሉ። ፊልም ላይ አንዴ ከታተመ ደግሞ ማስተካከል የለም። ከማሽኑ በሚወጣው ዋናው ፋይል፣ በዳይኮም ግን ሐኪሙ ዊንዶውን፣ ማለትም ከጥቁር እስከ ነጭ የሚታየውን ክልል፣ ሰፋ አድርገው ደሙን ከአጥንቱ ይለዩታል።

አንዱ ምስል ግማሽ ሜጋባይት ገደማ ነው። 200 ምስል ሲሆን 100 ሜጋባይት ይገባል። በእኛ ኔትወርክ አንድ ሰዓት ፈጀ። ሲደርሳቸው ምስሎቹን አስቆጠሩን፤ 12 ጎድለው ነበር፣ ደግመን ላክን። ደሙን እንዳዩ ቀጥታ ለተረኛው ሐኪም ደወሉ። የጽሑፍ ሪፖርቱ የመጣው በኋላ ነው።

ደግሞ እባካችሁ፣ ከምስሉ ጋር የካርድ ቁጥሩንና ሕመምተኛው የወደቀበትን ሰዓት ጻፉ። ስም ብቻ ከላካችሁ ሪፖርቱ የሞክሼው ካርድ ውስጥ ሊገባ ይችላል።