ማስተካከያ፦ ለማርሚታ ናይሎን ያለው ዳዶ አይሆንም

«ንዝረት ላለበት ሁሉ ናይሎን ያለው ዳዶ ይበቃል ብላችሁ ነበር። የባጃጄ ማርሚታ ላይ አሰርኩት፤ አሁንም ይላላል።» (ከድሬዳዋ)

ያ ምክር ለወንበርና ለጭቃ መከላከያ ይሠራል። ናይሎኑ ግን የሚችለው እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣበት ቦታ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሞተሩ ሲበርድ ዳዶውን ፈትተው ውስጡ ያለውን የናይሎን ቀለበት ይዩት። ከቀለጠ፣ ወይም ዳዶው በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ከገባ፣ አልቆለታል።

ስፕሪንግ ሮንዴላ መጨመርም አያድንም። ብሎኑ በደንብ ሲጠብቅ ይጨፈለቅና እንደ ተራ ሮንዴላ ይሆናል። ወደ ጎን የሚገፋ ንዝረት ሲመጣ መፈታቱን አያስቆምም።

እዚያ የሚታሰረው ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ፣ አናቱ ተጨፍልቆ ጥርሱ የጠበበ ዳዶ ነው። አዲሱ በጣት ጥቂት ዙር ይሄድና ይቆማል፤ የቀረው በቁልፍ ነው። ጋስኬቱ ከተበላ ግን መጀመሪያ እሱን ይቀይሩ፤ አለበለዚያ የትኛውም ዳዶ ይላላል።

ሰማያዊው የብሎን ማጣበቂያም ለዚህ ሙቀት አልተሠራም። እሱ የሚያዋጣው ዳዶ ሳይኖረው በቀጥታ ብረት ውስጥ ለሚገባ ብሎን ነው። ማጣበቂያውን ከመቀባትዎ በፊት የብሎኑን ጥርስ በቤንዚን ያጥቡ፤ ናፍጣ ቅባት ስለሚተው አይሆንም። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ 24 ሰዓት ይስጡት።