የጥርስ ሳሙናው ሊቃውንት

በአገራችን ሐኪም አነሰ እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሰው ሲቃጠል ቆመው አይተው አያውቁም። «ወይኔ!» የሚለው ጩኸት ግድግዳውን ሳያልፍ አምስት ስፔሻሊስት በር ላይ ይደርሳል። ካርድ ማውጣት የለ፣ ወረፋ የለ፣ ክፍያ የለ። አንዷ ቅቤ ይዛለች፣ አንዷ እንቁላል ትሰብራለች፣ አንዱ ዱቄት ያፍሳል፣ ሌላው ቲማቲም ይቆርጣል። ምንም ያልያዘው ደግሞ ምራቅህን ቀባ አድርግበት ብሎ ምክሩን ይለግሳል። ለእነዚህ በጎ ፈቃደኞች እስከ ዛሬ አንድም የምስጋና ወረቀት አለመሰጠቱ ያሳዝነኛልና፣ ይህችን ጽሑፍ በምስጋና ወረቀት ምትክ ይቀበሉልኝ።

የሁሉም አለቃ የጥርስ ሳሙናው ነው። ማዕረጉ የሚገባው ነው። ነጭ ነው፤ ነጭ ነገር ደግሞ መድኃኒት ይመስላል። እንደ ቅባት መድኃኒት ከቱቦ ተጨምቆ ይወጣል። ከሁሉ በላይ ውስጡ ሜንቶል አለው። ሜንቶል ቆዳን አያቀዘቅዝም፤ ቅዝቃዜ የሚያውቁትን ነርቮች ነካክቶ የቀዘቀዙ ያስመስላቸዋል እንጂ። የተቃጠለው ሰው «እፎይ» ይላል፣ ሊቁም አንገቱን ነቅንቆ «አላልኩም?» ይላል፤ ሙቀቱ ግን ከሥር ሥራውን ይቀጥላል። ጥርስ ለመፈግፈግ የተሠራው ደቃቅ ዱቄትም የተላጠ ቆዳ ላይ ተጋግሮ ይደርቃል። ጤና ጣቢያ የምትጠብቀው ነርስ የቁስሉን ቀለም ሳታይ ጥልቀቱን መለየት አትችልምና፣ መጀመሪያ ያንን ቅርፊት ማላቀቅ አለባት። ታካሚው ሁለተኛ ጊዜ የሚጮኸው ያኔ ነው።

ቅቤም ክብሩ ይጠበቅለት። ለጸጉርና ለዶሮ ወጥ ያገለገለ ነገር ለቃጠሎ አይሆንም ብሎ መጠርጠር ነውር ነው። ችግሩ ቅባት ሙቀትን ወደ ውጭ አለማስወጣቱ ነው፤ ከድኖ ያቆየዋል። በዚያ ላይ ሳምንት ሙሉ ማንኪያ ሲገባበት የከረመ ቅቤ ለጀርም የተነጠፈ አልጋ ነው። የእንቁላል ነጩም ጥሬ ስለሆነ ከራሱ ጀርም ጋር ሊመጣ ይችላል። ማርን በተመለከተ ፍትሐዊ ልሁን፦ ሐኪሞች ለቁስል የሚጠቀሙበት ማር አለ፤ ነገር ግን ጀርሙ የተገደለ፣ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው። ንብ ክንፏ የቀረበትን የጓዳ ማር አይደለም የምናገረው።

ሊቃውንቱ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚያምሩ ለማየት አንዲት ጎረቤቴን ልጥራ። ሽሮ ድስት ክዳኑን ከፍታ ልታማስል ስትል ድስቱ ተንሸራተተና ሽሮው በግራ እጇ ጀርባና አንጓ ላይ ፈሰሰ። ከፈላ ውሃ ሽሮ ይከፋል፤ ውሃ ፈስሶ ይሄዳል፣ ሽሮ ግን ወፍራም ስለሆነ ተለጥፎ ይቀራል፣ የተለጠፈበትን ያህል ጊዜም ያቃጥላል። ሊቃውንቱ ተሰበሰቡ። የጥርስ ሳሙናው ወገንና የቅቤው ወገን ትንሽ ተጨቃጨቁ። ይህን ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ፣ ገና ልጅ ናት፣ «እትዬ፣ እጅዎን ቧንቧ ሥር ያድርጉት» አለች። እንዴት ያለ ድፍረት ነው! አዛውንቷ ሊቅ ወዲያው «ውሃ ከነካው ውሃ ይቋጥራል!» ብለው አረሟት። ልጅቱ ግን መልስ አልሰጠችም፤ የእመቤቷን ክንድ ይዛ ወደ ቧንቧው ወሰደቻት።

ያደረገችው ይኸው ነው። የተለጠፈውን ሽሮ በሚፈሰው ውሃ አጥባ አወረደች። ከዚያ የእጅ ሰዓቱንና የጋብቻ ቀለበቱን አወለቀች። በዚህ ጊዜ ከሊቃውንቱ መካከል «አሁን ስለ ጌጥ ታስባለች?» ያለ ነበር። የተቃጠለ እጅ ግን ብዙም ሳይቆይ ያብጣል፤ ያኔ ቀለበቱ የጣቱን ደም ያንቃል፣ ማውጫውም መቁረጫ ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እጁን በቀስታ ከሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ አቆየችው። ስድብ የበዛባት እዚህ ላይ ነው። 20 ደቂቃ እኮ ለሊቅ ዘመን ነው! አንድ ደቂቃ አስነክተው «በቃ በቃ» የሚሉትን አልወቅሳቸውም፤ ቡናው እየቀዘቀዘባቸው ነው።

ለምን ያን ያህል? ሽሮ ከምድጃ ከወረደ በኋላም ሲንተከተክ እንደሚቆይ ሁሉ፣ ቆዳም የሚያቃጥለው ነገር ከተወገደ በኋላ ውስጥ ለውስጥ መቃጠሉን አያቆምም። ውሃው የላይኛውን ብቻ ሳይሆን ከሥር ያለውን ሙቀት ቀስ እያለ ስቦ ማውጣት አለበት፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ወዲያው መጀመሩ ይመረጣል፤ ሆኖም ሳሙናና ቅቤ ሲያከራክር ግማሽ ሰዓት ቢባክንም፣ ከቃጠሎው በኋላ በሦስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከሆነ ማቀዝቀዙ አሁንም ይጠቅማል። ቧንቧው ከደረቀ (ከደረቀ ማለቴ ለወጉ ነው) ከጀሪካን በጣሳ እየቀዱ ማፍሰስ ወይም ሳፋ ውስጥ ነክሮ ውሃውን መለዋወጥ ይቻላል። ውሃ መቋጠሩን የሚወስነው ቃጠሎው ምን ያህል ጠልቆ እንደገባ ነው፤ ቧንቧው በዚህ አይጠየቅም።

በመሀል አንድ ዘመናዊ ሊቅ ከማቀዝቀዣ በረዶ ይዞ መጣ። ቀዝቃዛ ጥሩ ከሆነ በጣም ቀዝቃዛ በጣም ጥሩ ነው ማለት አይደል? አይደለም። በረዶ የደም ሥሮችን አጥብቦ የተጎዳውን ቆዳ ደም ያሳጣዋል፤ በቃጠሎ ላይ ሌላ ጉዳት ይጨምራል። በረዶው ለጁስ ተመለሰ።

ውሃው ካበቃ በኋላ ልጅቱ እጁን በንጹሕና አዲስ ፌስታል ላላ አድርጋ ሸፈነችው። ምግብ የሚጠቀለልበት ስስ ላስቲክ ቢኖር እሱንም ታነጥፍበት ነበር፤ መጠምጠም ግን አያስፈልግም፣ ያብጣልና። ጥጥ አልነካችም፣ ክሩ ቁስሉ ላይ ስለሚጣበቅ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በልኩ ተሰጠ። ከአንጓው በላይ ሦስት ቦታ ውሃ ቋጥሮ ስለነበር መርፌ በክብሪት አግሎ የቀረበ ሌላ ሊቅ ነበር። የቋጠረው ውሃ ክዳን የገዛ ቆዳችን የሠራው ፋሻ ነው፤ ሲፈነዳ ለጀርም በር ይከፈታል። መርፌውም ወደ ክሩ ተመለሰ።

አሁን ወደ ሊቃውንቱ ትልቁ ክህሎት እንምጣ፦ ታካሚን ከሐኪም ቤት ማዳን። «ለዚህ ብለሽ ጤና ጣቢያ?» የሚለው ጥያቄ ስንቱን ወጪ አስቀርቷል! የጎረቤቴ ቃጠሎ ቀልቶ ብቻ፣ ጫን ሲሉት ነጣ ብሎ ሲለቁት ተመልሶ የሚቀላ፣ ከመዳፏ ያነሰና ክንዷ ላይ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ፤ እንዲህ ያለው ቤት ይድናል። ነገር ግን እጅ ላይ ነው፣ አንጓውን አቋርጧል፣ ውሃ ቋጥሯል። እጅ፣ ፊት፣ እግር፣ መጋጠሚያና ብልት አካባቢ የወጣ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ፣ ትንሽ ቢሆንም ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ሲድን ቆዳው ተኮማትሮ እንቅስቃሴን ሊገድብ ይችላልና። ስፋቱም ይለካል፤ የታካሚው የራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ የሰውነቱን ቆዳ 1 በመቶ ያህላል። ከዚያ የሰፋ ቃጠሎ ሠፈር ውስጥ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም።

ሊቃውንቱን ከሁሉ የሚያስደስታቸው ግን የማያመው ቃጠሎ ነው። «አየህ፣ አያምም! ቀላል ነው።» ነጭ፣ ቡናማ ወይም የከሰለ ሆኖ እንደ ቆዳ ጫማ የደረቀ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቃጠሎ፣ ሕመም የሚነግሩት ነርቮች ራሳቸው ስለተቃጠሉ ነው ዝም ያለው። ዝምታው ከጩኸቱ ይልቅ የሚያስቸኩል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገመድ ነዝሮት የተቃጠለም እንዲሁ፤ ላይ ላዩ ትንሽ ነጥብ ይመስላል፣ ጉዳቱ ግን ውስጥ ያልፋል፣ ልብንም ሊያውክ ይችላል።

ሕፃናትን በተመለከተ ቡና ጠጪዎችን ሁሉ አመሰግናለሁ። ጀበናውን መሬት ላይ፣ ልክ በሕፃን እጅ ቁመት እናስቀምጥና ልጁን «ተው!» እንላለን። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ለትልቅ ሰው ቀላል የሆነው ሙቀት ለእሱ ጥልቅ ነው። ስለዚህ ሕፃንና አዛውንት፣ የስኳር ሕመምተኛም ሲቃጠሉ በቶሎ መታየታቸው ይሻላል። ሕፃኑን ስናቀዘቅዝ የተቃጠለውን ቦታ ብቻ ነው፤ የቀረው ገላ በጋቢ ይሸፈን፣ አለዚያ ራሱ ይበርደዋል።

ጎረቤቴ በሊቃውንቱ ተቃውሞ መካከል ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ቁስሉን አየችው፣ በማይጣበቅ ጎዝ ሸፈነችው፣ ክትባቷን ጠየቀቻት፣ ማስረጃም ትዝታም ስላልነበራት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወጋቻት። መቅላቱ ዙሪያውን እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ከጨመረ፣ ወይም በሁለት ሳምንት ካልዳነ እንድትመለስ ነገረቻት። ከዚያ ያለፈ ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ ላይ የቃጠሎ ሕክምና ክፍል ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል አለ።

እጇ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያለ ጠባሳ ዳነ። ውጤቱ ከተሰማ በኋላ የሠፈሩ ጉባኤ ተቀመጠ። በክርክሩ መጀመሪያ ላይ የጥርስ ሳሙና ትንሽ ነክቷት ነበር የሚል ምስክር ተገኘ፤ ያዳናትም እሱ እንደሆነ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ለነገሩ የሊቃውንቱ ዝና የቆመው እዚህ ላይ ነው፦ ቀላል ቃጠሎ ምንም ባይቀቡትም በአንድ በሁለት ሳምንት በራሱ ስለሚድን፣ መጨረሻ ላይ የተቀባው ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። የቤት ሠራተኛዋ ስም በቃለ ጉባኤው ውስጥ አልተነሳም። አሁን የሚያከራክራቸው ባለመስመሩ ሳሙና ይሻላል ወይስ ነጩ የሚለው ነው።