የእሳት ኢሞጂ ልኮ «ለምን አታወራኝም?» ለሚል ሰው

አሁን ገና ነው ለጓደኛዬ ስልኩን የመለስኩለት። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ኢንስታግራም ላይ ከአንዲት ልጅ ጋር ያደረገውን ቻት ነው ያሳየኝ፤ ማን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ጻፈው ብሎ ፈቅዶልኛል።

ሪፕላይ ያደረገበት ስቶሪ ይሄ ነው። ልጅቷ የመጽሐፍ መደርደሪያ ራሷ ገጣጥማ አቁማለች። ከመደርደሪያው ሥር ወለሉ ላይ ሦስት ብሎኖች ተርፈው ተቀምጠዋል። ከላይ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «ጨረስኩ!» የሚል። አሁን ቻቱን እዩልኝ፦

እሱ፦ (የእሳት ኢሞጂ)
እሷ፦ አመሰግናለሁ
እሱ፦ ሰላም ነሽ?
እሷ፦ ሰላም ነኝ፣ አንተስ?
እሱ፦ አለሁ። ምን አዲስ ነገር አለ?
እሷ፦ ምንም
እሱ፦ እሺ፣ ሌላስ?

ሲን። ከዚያ ዝም። ከሁለት ሰዓት በኋላ፦

እሱ፦ ??
እሱ፦ ማውራት ካልፈለግሽ ንገሪኝ፣ ችግር የለውም

«ሌላስ?»! ልጅቷ ምን ነግራህ ነው ሌላ የምትጠይቃት? «ምንም» ነው ያለችህ! የምንም ሌላው ምንድን ነው? አዲስ ነገር ካልከኝ እኮ አዲሱ ነገር ስቶሪዋ ላይ ቆሟል፤ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፣ ሥሩ ሦስት ብሎኖች ተርፈዋል፣ እጇን ሳይጎዳት አልቀረም። ያንን ሁሉ አልፈህ «ምን አዲስ ነገር አለ?»!

ሰው የማይገባው ነገር ይሄ ነው። ለስቶሪ ሪፕላይ ስታደርግ መልእክትህ ብቻውን አይሄድም፤ የስቶሪው ትንሽ ምስል ከላዩ ተለጥፎ ነው ኢንቦክሷ የሚገባው። ሰላምታው፣ ሰበቡ፣ ርዕሱ፣ ሁሉም ያ ምስል ላይ አለ። እንግዳ ሰው በር አንኳኩቶ «ለምን መጣህ?» ሲባል የሚመልሰው ነገር ተዘጋጅቶ ተሰጥቶሃል። «ሰላም ነሽ?» ባልክ ቅጽበት ግን ያንን ጥለህ ከባዶ ጀመርክ። ከባዶ ለሚጀምር ሰው ደግሞ የሚሰጠው መልስ ባዶ ነው።

የኢሞጂውን ነገር እንነጋገር። ኢንስታግራም ላይ ስቶሪው ሥር ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የልብ ምልክቷን ብቻ ከነካህ ቻት ውስጥ አይገባም፤ ስቶሪውን ያዩ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስምህ አጠገብ ይቀመጣል፣ በቃ። ከዚያ ከተደረደሩት ኢሞጂዎች አንዱን ስትነካ ግን መልእክት ሆኖ ኢንቦክሷ ይገባል። ስለዚህ ማድነቅ ብቻ ከፈለግህ ልቡ ይበቃል፤ ማንንም መልስ አያስገድድም። ማውራት ከፈለግህ ደግሞ ጻፍ። እሳቱ ሁለቱንም አይደለም። በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው ነው፤ እሷ ከ«አመሰግናለሁ» ሌላ ምን ልትለው ትችላለች? «አመሰግናለሁ» ደግሞ ወሬ መዝጊያ ቃል ነው። ራስህ ባመጣኸው ቃል ወሬው ተዘጋ ማለት ነው። «ዋው»፣ «ጎበዝ»፣ «ቆንጆ» የሚሉትም ያው ናቸው፤ ምስጋና ይዘው ይመለሳሉ፣ ከዚያ አያልፉም።

እሺ፣ ምን ይባል ነበር? እዚያው ስቶሪው ላይ እንቆይ። መጀመሪያ ምስሉን ደግመህ እይ። ጣትህን ስክሪኑ ላይ አሳርፈህ ብትይዘው ስቶሪው ይቆማል፣ ተረጋግተህ ታያለህ። የምትፈልገው ዋናውን ነገር አይደለም፤ መደርደሪያውን አንድ መቶ ሰው አይቶታል፣ አንድ መቶ ሰው «ጎበዝ» ብሏል። የምትፈልገው ልብ ብሎ ያየ ሰው ብቻ የሚያገኘውን ትንሽ ነገር ነው። እዚህ ስቶሪ ላይ ብሎኖቹ ናቸው። ከዚያ አንድ መስመር፦

«መደርደሪያው አምሮበታል። ሦስቱ ብሎኖች ግን ከየት ነው የተረፉት?»

ይሄው ነው! ለምን ይሠራል? መልሱ እሷ ጋ ብቻ ነው ያለው፣ በአንድ መስመር ይመለሳል፣ ሊያስቃትም ይችላል። ወይ «ኧረ እኔም እሱን ነው የማስበው» ትላለች፣ ወይ «መለዋወጫ ናቸው ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ» ትላለች፣ ወይ ጀርባው ላይ የቀረ ቦታ እንዳለ ትነግርሃለች። ሦስቱም መልሶች ወደ ሌላ ዓረፍተ ነገር ይሄዳሉ። «አመሰግናለሁ» ግን የትም አይሄድም።

ልብ በሉ፣ «መደርደሪያው» የሚለው ቃል በስሙ ተጠርቷል። «ይሄ እንዴት ነው?» ብለህ ብትጽፍ ዛሬ ይገባታል፤ ነገ ማታ ብትከፍተው ግን ስቶሪው 24 ሰዓት ሞልቶት ጠፍቷል፣ ከመልእክትህ በላይ የነበረውም ምስል ብዙውን ጊዜ አብሮ ይጠፋል። «ይሄ» የትኛው ነው? በተለይ በአንድ ቀን አሥራ አንድ ስቶሪ የምትለጥፍ ሰው ከሆነች በምን ታስታውሰው? የነገሩን ስም መጥራት አንድ ቃል ነው የሚፈጀው። ስንት ሰው «ምኑ?» ተብሎ ተመልሶለት እንደተናቀ ቆጥሮ ያኮርፋል!

አሁን ደግሞ ወሬው የሚሞትበት ቦታ፤ ሁለተኛው መልእክት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን በደንብ ይጽፍና፣ ልጅቷ ስትመልስለት ደስ ብሎት «እና ሰላም ነሽ?» ይላል። ሰውዬ! ስለ ብሎን እያወራችሁ ነበር! እሷ «ኧረ እኔም እሱን ነው የማስበው፣ ግን ቆሟል» ካለችህ ያንተ ተራ ከራስህ አንድ ነገር መጨመር ነው፦ «ከኋላ ያለው ስስ ጣውላ ካልታሰረ መጽሐፍ ሲበዛበት ወደ ጎን ያዘነብላል፤ የመጀመሪያው ረድፍ የምን መጽሐፍ ነው ግን?» አየህ፣ ከብሎን ወደ ጣውላ፣ ከጣውላ ወደ መጽሐፍ። እያንዳንዱ እርምጃ ካለፈው ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ይዞ ነው የሚወጣው። መጽሐፍ ላይ ከደረሳችሁ ስቶሪው አልቋል፤ አሁን ሁለት ሰዎች እያወሩ ነው። «ምን ትሠሪያለሽ፣ የት ትኖሪያለሽ፣ ስንት ዓመትሽ ነው» የሚለውን የመዝገብ ቤት ጥያቄ ማን አስፈለገው?

ጥያቄ ብቻ መደርደርም ሌላ በሽታ ነው። ሦስት ጥያቄ በተከታታይ ጠይቀህ ከራስህ አንድም ነገር ካልነገርካት ምርመራ ነው የሚመስላት፣ ልክም ናት።

«የት ነው?» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ብዙ ሴቶች ቦታቸውን ሆን ብለው ነው የሚደብቁት፤ አንዳንዷ ከቦታው ከወጣች በኋላ ነው የምትለጥፈው። በደንብ የማታውቃት ልጅ አሁን ያለችበትን ቦታ ስትጠይቃት ወሬ እየከፈትክ አይደለም፣ እያስፈራራሃት ነው። ሳትመልስልህ ስትቀር «ኩራት» አትበለው።

ባለፈው ያየሁት ደግሞ ይብሳል። አንዲት ልጅ የሞተባትን ዘመድ ፎቶ ብትለጥፍ «ሰውዬው አምሮበታል፣ የት ነው የተነሳው?» ብሎ የጻፈ አለ። ጽሑፉን ሳያነብ! ሻማው ፎቶው አጠገብ እየበራ! የሐዘን ስቶሪ ወሬ መጀመሪያ አይደለም። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለህ ጥያቄ ሳታስከትል ውጣ። መልስ አትጠብቅ።

እና ያ «??»። ያ ሁለት ምልክት ስንቱን ወሬ ገደለ! በተለይ ልጅቷ ፎሎው የማታደርግህ ከሆነች መልእክትህ ሪክዌስት ውስጥ ነው የገባው። ብዙ ሰው ያንን ሳጥን በወር አንዴ ቢከፍት ነው። ከፍታ ብታነበውም እስካልተቀበለች ድረስ ላንተ ሲን አያሳይም። ስለዚህ ዝምታው እንቢታ ይሁን አለማየት ማወቂያ የለህም። ኢንስታግራም ደግሞ ከፈረንጆቹ 2023 ወዲህ ለማይከተልህ ሰው ጥያቄህን እስኪቀበል አንድ መልእክት ብቻ፣ እሱንም በጽሑፍ ብቻ እንድትልክ ነው የሚፈቅደው። አንድ! ያቺን አንዷን «ሃይ» ብሎ የሚያቃጥል ሰው ሳይ ሆዴ ይቃጠላል። ያቺ አንድ መስመር ማን እንደሆንክ፣ ምን እንዳየህ፣ ምን እንደጠየቅህ ይዛ ነው መሄድ ያለባት። «የንባብ ቡድኑ ውስጥ አብረን ነን፤ መደርደሪያው አምሯል፣ ሦስቱ ብሎኖች ግን ከየት ተረፉ?» በቃ፣ አለቀ።

ካልተመለሰልህ ምን ታደርጋለህ? ምንም። በማግሥቱ ለምትለጥፈው ሁሉ ሪፕላይ አታድርግ፤ ሦስት ስቶሪ፣ ሦስት መልእክት፣ መልስ የለም፤ ኢንቦክሷን ስትከፍት የምታየው ያንተን ግድግዳ ነው። በእውነት የምትለው ነገር ያለህ ሌላ ስቶሪ እስኪመጣ ጠብቅ። አንዴ ሞክረህ እሱም ዝም ከተባለ እዚያ ላይ አቁም። መልስ ሰጥታህም ሁለቴ በተከታታይ በአንድ ቃል ከመለሰችና ምንም መልሳ ካልጠየቀች ያው ነው፤ ራስህ ዝጋው። «እሺ፣ መደርደሪያው ሲሞላ አሳይን» ብለህ ውጣ። ይሄን ብለህ የወጣህ ሰው ሲሞላ ስቶሪውን ስታይ መልሰህ መግባት ትችላለህ። «ማውራት ካልፈለግሽ ንገሪኝ» ብሎ የወጣ ሰው ግን በምን ፊቱ ይመለሳል? ልጅቷ እኮ ምንም አላደረገችም! መደርደሪያ ገጠመች፣ አመሰገነች፣ «አንተስ?» ብላ ጠየቀችህ! ያቺ «አንተስ?» ያለችበት ቦታ ላይ እንኳ ዕድል ነበረህ፤ «አለሁ፣ ብሎኖችሽን እየቆጠርኩ ነው» ብትላት ኖሮ ወሬው ይነሳ ነበር። «አለሁ» ብለህ ቀበርከው።

ይሄን ሁሉ ፊት ለፊቱ ነግሬዋለሁ፣ እንዲህ እየጮህኩ። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝ፣ «ገባኝ» አለኝ፣ ስልኩን ተቀበለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ጻፈ። «ምን አልካት?» ስለው አሳየኝ።

«እሺ ይቅርታ። ሰላም ነሽ ግን?»