ፈንዲሻው ይቆይ

«ጋሼ፣ ልጄ በሚቀጥለው ወር ዓመት ይሞላዋል። አዳራሽ እንከራይ ወይስ ቤት ውስጥ ትንሽ ነገር እናድርግ?» ትላለች ታናሽ እህቴ ከአዲስ አበባ።

ቤት አድርጊው እቴ። እኛ የትልቋን አንደኛ ዓመት እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አዳራሽ ተከራይተን አከበርን። 80 ሰው፣ ዲጄ፣ በር የሚያህል የፊኛ ቅስት። ልጅቷ የምትተኛበት ሰዓት አለፈ፤ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ደግሞ ባሰባት። ኬኩ ሲቆረስ አያቷ ጋ መኪና ውስጥ ተኝታ ነበር። ያሉን ፎቶዎች ሁሉ ዓይኗ የቀላባቸው ናቸው።

ደግሞ እኛ ቤት ድሮ የሚደገሰው ለክርስትና ነበር፣ ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80። ስለ ልደት ማን ያነሳ ነበር? አሁን እዚያም ዲኮሩ ከእኛ ብሷል አሉ።

የትንሹን ቤት አደረግነው፣ 12 ሰው ጠርተን። ጠዋት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ስለሚተኛ ድግሱን 5 ሰዓት አደረግን። ለእንግዶቹ ግን 4 ሰዓት ተኩል አልናቸው፤ የሀበሻን ቀጠሮ ታውቂዋለሽ። ከእንቅልፉ የነቃ፣ ሆዱ የሞላ ልጅ ሰው አይፈራም። እንግዶቹም እንዳያነሱት ለመንናቸው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ከጎኑ ተቀመጡ፤ ራሱ እየዳኸ ወደ ወደደው ሄደ።

ለጨዋታው ምንም አልገዛንም። በባዶ የሶፍት ካርቶን ውስጥ አራት ሻሾች ጫፍ ለጫፍ ቋጥረን ከተትን። አንዱን ሲስብ ሌላው ይከተላል። ግማሽ ሰዓት ያህል እሱ ሲስብ፣ ሴት አያቱ ስትመልስ፣ ሌላው ሰው ሲያጨበጭብ ነበር። ሻሾቹን ግን አጠገቡ ሆናችሁ ነው፤ ሲበቃው አንሱት፣ አንገቱ ላይ እንዳይጠመጠም። ቀጥሎ ድስትና የእንጨት ማንኪያ ሰጠነው። ጆሯችን ደነቆረ እንጂ እሱስ ደስ ብሎታል።

ኬኩ ሁለት ነው። ለእሱ አንድ የበሰለ ሙዝ፣ አንድ እንቁላልና ትንሽ ዱቄት አዋህደን፣ ያለ ስኳር ጋግረን፣ ላዩን እርጎ ቀባነው። ለእንግዳው ድፎ ዳቦ ነበረ። እንቁላሉን ቀድሞ ቀምሶት ስለሚያውቅ አልሰጋንም፤ የአንቺው ካልቀመሰ ያን ቀን አትጀምሪለት።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ቡናው ላይ ፈንዲሻና ቆሎ አትበትኑ። የሚድህ ልጅ ወለል ላይ የወደቀውን ከሁላችን ቀድሞ ያየዋል፣ ያው ወደ አፉ ነው። እኔ ራሴ ከትልቋ አፍ በጣቴ አንዲት ፈንዲሻ ያወጣሁበት ቀን አለ፤ እስካሁን ሳስበው ያልበኛል። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም እንደዚያው ያንቃል፤ እኛ በፊኛ ፈንታ የቀለም ወረቀት ከፍ አድርገን ሰቀልን። ረከቦቱንና ጀበናውንም መኝታ ቤት ደበቅነው።

6 ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኑን ማሸት ጀመረ። ሽማግሌዎቹ መረቁት፣ እናቱ ይዛው ገባች። የሄደ እንግዳ የለም። በሩን ዘግተን ጀበናውን አወጣን፣ ፈንዲሻውም ያኔ ቀረበ።