ስንት ሕገ መንግሥት አለኝ?

ከአማካሪዬ ቢሮ ገና መውጣቴ ነው። የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፌ ማስታወሻ በሙሉ ያለው እዚያ ስሙን በማልጠራው መሣሪያ ውስጥ ነው። ቃሉን በድርብ ቅንፍ ማሰር ብቻ ነው፤ ማስታወሻ ከማስታወሻ ይያያዛል፤ የተጠቀሰውም ገጽ ማን ማን እንደጠቀሰው ራሱ ይዘረዝራል። ባክሊንክ የሚሉት ይህ ነው። ሲያወሩት እንዴት ያምራል!

«እስቲ ስለ 1923ቱ ሕገ መንግሥት የሰበሰብኸውን አሳየኝ» አሉኝ። ደረቴን ነፍቼ ከፈትሁ። ዝርዝሩ ላይ ሦስት ማስታወሻ።

«ይኸው ነው?»

«ኧረ ብዙ አለ ዶክተር፤ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ።» ብዬ አንዱን ማስፈንጠሪያ ተጫንሁት። ነጭ ገጽ! ርእሱ «ህገ መንግስት»፣ ከሥሩ ምንም። ይህ መሣሪያ ገጹን ሲያጣ «የለም» ብሎ አይነግርህም፤ ባዶ ገጽ ፈጥሮ ይሰጥሃል።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይህ ደግሞ ባዶ ነው» አሉ።

«ዶክተር፣ ይኼኛው በሃሌታው የተጻፈው ነው። በሐመሩ የተጻፈው ሌላ ገጽ ነው።»

«ሁለት ሕገ መንግሥት አለህ ማለት ነው?»

ስድስት ሊኖረኝ እንደሚችል አልነገርኋቸውም። ሕ፣ ህ፣ ኅ ሦስት፤ ሥ እና ስ ሁለት፤ ሲባዛ ስድስት። ስልኬ «ህገ መንግስት» ብሎ ራሱ ይሞላልኛል፤ ኮምፒውተሬ ላይ በሐመሩና በንጉሡ እጽፋለሁ፤ ከጋዜጣ የገለበጥሁት ደግሞ ጋዜጣው እንደጻፈው ገብቷል። ሰው ሁሉ አንድ አድርጎ ያነበዋል። መሣሪያው ግን ድምፅ አይሰማም፤ የፊደሉን ቁጥር ነው የሚያየው፤ ሀ U+1200፣ ሐ U+1210፣ ኀ U+1280። በእርሱ ዓይን የ«ሀ» እና የ«ሐ» ዝምድና ከ«ሀ» እና ከ«መ» ዝምድና አይበልጥም።

ይህን እንኳ በቻልሁት። የሚያቃጥለኝ የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል አንድ አድርጎ መቁጠሩ ነው! `[[Adwa]]` ብትለው `[[adwa]]` ብትለው ወደ አንድ ገጽ ይወስድሃል። ለእነርሱ ታስቦላቸዋል። በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዋርድ ከኒንግሃም የመጀመሪያውን ዊኪ ሲያወጣ ማስፈንጠሪያው የሚታወቀው በትልቅ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት ሲገጣጠሙ ነበር። ትልቅ ፊደል የሌለን እኛ ያኔም በሩ ላይ ነበርን።

ደግሞ ቅጥያው! እንግሊዝኛ ቃሉ ሳይነካ ከጀርባው አንድ ፊደል ይለጥፋል፤ የእኛ «መንግሥት» «መንግሥቱ» ሲሆን «ት» ራሷ «ቱ» ሆና ትለወጣለች። ከፊቱ «ከ» ወይም «በ» ሲጨመርማ ጨርሶ አያውቀውም። ቅንፍ ያላሰርሁባቸውን ቃላት ፈልጎ ያሳያል የተባለው «ያልተያያዙ መጠቀሶች» የሚለው ክፍል «በሕገ መንግሥቱ» የሚል ዓረፍተ ነገር ዓይኑ ሥር እያለ «አልተገኘም» ይለኛል። ስለዚህ በየመስመሩ የገጹን ስም አስቀድሜ፣ የሚነበበውን ቃል አስከትዬ ይህን ስጽፍ እውላለሁ፦

```
በ[[ሕገ መንግሥት|ሕገ መንግሥቱ]]
```

ባለፈው ለአንድ ወዳጄ ባማርር ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ለምን በእንግሊዝኛ አትይዘውም?» ተባረክ ወንድሜ። የአያቶቼን ሕግ በእንግሊዝኛ ልያዘው።

የመሣሪያው ደጋፊዎች ደግሞ «ተለዋጭ ስም ጨምርበት» ይላሉ። ጨመርኋ! ከማስታወሻው አናት፦

```
---
aliases:
  - ህገ መንግስት
  - ሕገ መንግስት
---
```

የሚጠቅመው ስትጽፍ ከሚወርደው ዝርዝር ከመረጥህ ብቻ ነው። ዝርዝሩን ሳታይ ቅንፉን ዘግተህ ካለፍህ፣ ወይም ከስልክ የተጻፈ ከገለበጥህ፣ ያው ባዶው ገጽ ይጠብቅሃል። ውክፔዲያ እንኳ አንዱን አጻጻፍ ወደ ሌላው የሚመራ ገጽ አለው፤ የሌለውን ገጽ ማስፈንጠሪያም በቀይ ያሳይሃል። የእኔው ቀለሙን ትንሽ ያደበዝዘዋል፤ ደህና መብራት ካለህ ታየዋለህ። መብራት ካለ ማለቴ ነው።

ለጊዜው ያገኘሁት መድኃኒት ባክሊንኩን ትቶ በዚህ መፈለግ ነው፦

```
/[ሕህኅ]ገ መንግ[ሥስ][ትቱታቶ]/
```

ይህ የጠፋውን ሁሉ ያወጣዋል፤ ቅጥያም ይኑረው። ግን ፍለጋ ነው እንጂ ትስስር አይደለም። በፍለጋማ ተራ የጽሑፍ ፋይልም ይበቃኝ ነበር፤ ያን ሁሉ ሌሊት ቅንፍ ሳስር ለምን አደርሁ?

አማካሪዬ ሲሸኙኝ «ለሚቀጥለው ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ያለህን ይዘህ ና» ብለውኛል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ። ዐ፣ ዓ፣ አ፣ ኣ አራት፤ ፄ እና ጼ ሁለት፤ «ኃ» በስድስት ዓይነት፤ ሥ እና ስ ሁለት። አባዛሁት። ዘጠና ስድስት። «ላሤ» ብሎ የሚጽፈውን ሳልቆጥር።