የመጀመሪያው ዒላማ ከሬዚስታንስ በታች ሲቀር የስጋትና የትርፍ ጥምርታው እስከ የት ይለካል?

ጥያቄው፦ «ዩሮ/ዶላርን በ1.0820 ለመግዛት አስቤያለሁ፤ ስቶፕ ሎሴ 1.0790 ነው። ከ1.0860 እስከ 1.0875 ሬዚስታንስ ስላለ የመጀመሪያ ዒላማዬን 1.0855፣ ሁለተኛውን 1.0910 አድርጌያለሁ። ጥምርታው አንድ ለሦስት ስለሆነ ልግባ?»

ወ/ሮ ሔለን፦ በዚህ ስሌት አልገባም ነበር። አንድ ለሦስት የሚለው ቁጥር የተገኘው 30 ፒፕ ስጋትን እስከ 1.0910 ካለው 90 ፒፕ ጋር በማነጻጸር ነው፤ በመካከሉ ግን ጠያቂው ራሱ ሻጮች ይጠብቁኛል ብሎ ያሰመረው ዞን አለ። የመጀመሪያውን ዒላማ ከዞኑ ሥር ማስቀመጡ ዋጋው እዚያ ሊመለስ እንደሚችል ማመኑን ያሳያል። ስለዚህ ከመግባቱ በፊት ሊለካው የሚገባው እስከ 1.0855 ያለውን 35 ፒፕ ነው። 1.0820ን ያነበበው ከቻርቱ የመሸጫ ዋጋ ከሆነና ስፕሬዱ 1 ፒፕ ከሆነ ደግሞ በእውነት የሚገዛው በ1.0821 ስለሆነ፣ ኪሳራው 31፣ ትርፉ 34 ፒፕ ይሆናል። ከአራት ትሬድ አንዱን ማሸነፍ ይበቃኛል ብሎ የገባ ሰው፣ ላለመክሰር ብቻ ከመቶው ወደ 48 የሚጠጋውን ማሸነፍ አለበት ማለት ነው።

አቶ ብሩክ፦ ወ/ሮ ሔለን ስሌቱን የሠሩት ጠያቂው 1.0855 ላይ ሁሉንም ዘግቶ እንደሚወጣ አድርገው ነው። ሁለት ዒላማ ያስቀመጠ ሰው ግን ግማሹን እዚያ ዘግቶ፣ ለቀሪው ስቶፑን ወደ መግቢያው አምጥቶ ይጠብቃል። ስፕሬዱን ለጊዜው እንተወውና፣ ሊገጥመው የሚችለው ሦስት ነገር ነው፦ 30 ፒፕ መክሰር፤ የመጀመሪያው ዒላማ ተነክቶ ዋጋው ሲመለስ 17.5 ፒፕ ማትረፍ፤ ሁለቱም ሲነኩ 62.5 ፒፕ ማትረፍ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ልክ እርስዎ እንዳሉት ለክቼ የተውኩት ትሬድ ነበር። ዋጋው ዞኑ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ቆሞ ከቆየ በኋላ ሰንጥቆት ሲያልፍ እየተመለከትኩ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱን ዒላማዎች አማካይ እወስዳለሁ፤ እዚህ ላይ 62.5 ለ30፣ ማለትም አንድ ለሁለት ግድም ይመጣል። ስቶፑ መግቢያው ላይ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ቀሪው ግማሽ በነጻ የሚሄድ ነው።

ወ/ሮ ሔለን፦ ሦስቱን ውጤቶች ለይተው ማስቀመጥዎ ከእኔ ስሌት የተሻለ ስለሆነ እቀበለዋለሁ። አማካዩን ግን አልቀበልም፤ 62.5 የሚገኘው ሁለቱም ዒላማዎች ሲነኩ ብቻ ስለሆነ፣ የሦስቱን ምርጥ ውጤት ወስዶ አማካይ ብሎ መጥራት ነው። «በነጻ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ 1.0855 ላይ ዘግተው ሊወስዱት ይችሉ የነበረውን የቀሪውን ግማሽ 35 ፒፕ ለአደጋ አጋልጠው ነው የሚጠብቁት።

ዋጋው እንደ ሳንቲም ውርወራ ወዴት እንደሚያመራ ምንም ፍንጭ የማይሰጥ ቢሆን እንኳ፣ ከ1.0855 ተነስቶ ወደ 1.0820 ሳይመለስ 1.0910ን የመንካቱ ዕድል 35 በ90፣ ማለትም ከመቶ 39 ነው። ከመግቢያው ተነስቶ ስቶፑን ሳይነካ የመጀመሪያውን ዒላማ የማግኘቱ ዕድል ደግሞ 30 በ65፣ ከመቶ 46 ነው። ሁለቱን አጣምረው ቢያሰሉት ግማሹን ቢዘጉም ባይዘጉም ውጤቱ ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ ግማሹን መጠበቅ የሚያዋጣው ዞኑ ሥር ከደረሱት መቶ ትሬዶች ከ39 የሚበልጡት አልፈው ሲሄዱ ነው። ሬዚስታንስ ብለን የጠራነው ግን ዋጋውን የመለሰ ቦታ ስለሆነ ነው፤ ትርፍ ለመሰብሰብ ጠንካራ፣ ጥምርታ ለመቁጠር ደካማ ልናደርገው አንችልም።

አቶ ብሩክ፦ ዞን ሁልጊዜ በአንድ ጥንካሬ አይቆይም። ዋጋው በተደጋጋሚ እየመጣ ሲነካው፣ ከእያንዳንዱ ንክኪ በኋላም የሚወርድበት ዝቅታ ከፍ እያለ ሲሄድ፣ እዚያ የተቀመጠው የሽያጭ ትዕዛዝ እየተበላ እንደሆነ እገምታለሁ። የእርስዎ 46ም ቢሆን ገዢዎች ዋጋውን ከሚደግፉበት ሰፖርት ላይ ለሚገዛ ሰው ዝቅተኛ ነው። ከመቶው 58 የመጀመሪያውን ዒላማ ይነኩ፣ ከእነዚያም 30 በመቶው ብቻ ዞኑን ይለፉ እንበል፤ ከእርስዎ 39 በታች መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። እንደዚያም ሆኖ በአማካይ በእያንዳንዱ ትሬድ 5.4 ፒፕ ያህል ይተርፋል።

ወ/ሮ ሔለን፦ በእርስዎ ቁጥር ሁሉንም 1.0855 ላይ ቢዘጉትስ? ከመቶ 58 ጊዜ 35 ፒፕ ያገኛሉ፣ 42 ጊዜ 30 ፒፕ ይከስራሉ፤ አማካዩ 7.7 ፒፕ ነው። ያቆዩት ግማሽ 2.3 ፒፕ ወሰደብዎት እንጂ አልጨመረልዎትም።

ይህ ስሌት እኔንም እንደሚነካኝ አልክድም። 58ቱ እውነት ከሆነ፣ በመጀመሪያ «አልገባም» ያልኩት ትሬድ በአንድ ለአንድ ጥምርታ ሊገባበት የሚገባ ነበር። ስለዚህ ጥምርታውን ብቻ አይቼ መከልከሌ ትክክል አልነበረም። ይሁን እንጂ 58ቱ የመጣው ከየት ነው? ከሰፖርት የገዟቸውን ትሬዶች ቆጥረዋቸዋል?

አቶ ብሩክ፦ በጽሑፍ አልቆጠርኳቸውም፤ ከልምድ የገመትኩት ነው። እንግዲህ በግምት ካልተስማማን ስጋቱን እንቀንስ። በ1.0820 ከመግዛት ይልቅ 1.0808 ላይ የግዢ ትዕዛዝ ቢያስቀምጥ፣ ስቶፑን ሳይነካው ስጋቱ 18፣ እስከ መጀመሪያው ዒላማ ያለው ደግሞ 47 ፒፕ ይሆናል፤ ጥምርታውም አንድ ለ2.6 ነው።

ወ/ሮ ሔለን፦ ስቶፑን ወደ መግቢያው አስጠግቶ ጥምርታ ከማሳመር ይህ በብዙ ይሻላል፤ ስቶፕ ግምቱ መሳሳቱ የሚረጋገጥበት ቦታ ላይ እንጂ ቁጥሩ ባማረበት ቦታ አይቀመጥም። ነገር ግን ወደ 1.0790 የሚወርድ ዋጋ ሁሉ 1.0808ን ያልፋል፤ ስለዚህ የሚከስሩት ትሬዶች በሙሉ ይገዙልዎታል። 1.0812 ደርሰው የተመለሱት አሸናፊዎች ግን ያመልጥዎታል። በአንድ ለ2.6 የሚለኩት ከቀድሞው ያነሰ የማሸነፍ ዕድል ያለውን ስብስብ ነው። ከዞኑ በላይ እስኪዘጋ ጠብቆ በ1.0878 መግዛትም ከችግሩ አያወጣም፤ ስቶፑ ከዞኑ ሥር 1.0853 ላይ ቢሆን 25 ፒፕ ለ32 ነው፣ ከመጀመሪያው ብዙም አይርቅም።

አቶ ብሩክ፦ አነስ ባለ ስጋት ጥቂት ትሬድ ብይዝ እመርጣለሁ፤ በዚህ አንስማማም። ከዚያ በፊት ግን ማናችንም ያልጠየቅነው ነገር አለ፤ ጠያቂው የ1.0860ን መስመር ያሰመረው ከምን ተነስቶ ነው? ብዙ ካንድሎች እዚያ ዘግተው ከሆነ ዒላማው በቦታው ነው። አንድ ካንድል ብቻ ዘግቶበት ሌሎቹ እስከ 1.0870 ወጥተው ከተመለሱ ግን፣ ዒላማውን 1.0868 ላይ አድርጎ 48 ፒፕ ለ30 ሊለካ ይችላል።

ወ/ሮ ሔለን፦ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የእኔን አቋም ሊቀይር ይችላል። የምፈራው፣ የ35 ለ30 ጥምርታ፣ ማለትም 1.17፣ አልበቃ ያለው ሰው ወደ ቻርቱ ተመልሶ 1.6 እስኪያገኝ መስመሩን ከፍ እንዳያደርገው ነው። ስለዚህ ጠያቂው ዞኑን ያሰመረው መግቢያውን ከመምረጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ?